«የመተማ ሰሊጥ ነጋዴ ጎንደር ገባ»፦ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ዛፍ

መተማ ያለችበት ምዕራብ ጎንደር የሰሊጥ አገር ነው። እስቲ ርዕሱ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ልብ ብላችሁ አንብቡት። የመተማ የሆነው ሰሊጡ ነው ወይስ ነጋዴው?

መልሱ ያለው ቃላቱ በሚጣመሩበት ቅደም ተከተል ላይ ነው፦

```
[[የመተማ ሰሊጥ] ነጋዴ]
[የመተማ [ሰሊጥ ነጋዴ]]
```

እያንዳንዱ ቅንፍ አንድ ሐረግ፣ በዛፉ ሥዕል ላይም አንድ ቅርንጫፍ ነው። በመጀመሪያው ሰሊጡ የመተማ ነው፤ ነጋዴው የሁመራ ሰው ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ነጋዴው የመተማ ሰው ነው፤ ሰሊጡን ከየትም ሊያመጣው ይችላል።

በሁለቱም ዛፎች የስማዊ ሐረጉ መሪ መጨረሻ ላይ ያለው «ነጋዴ» ነው። ጎንደር የገባውም እሱ ነው እንጂ ሰሊጡ አይደለም። ለዚህም ነው «ነጋዴዋ» ብንል ግሱ «ገባች» የሚሆነው። አማርኛ በአብዛኛው መሪውን ከሐረጉ መጨረሻ ያስቀምጣል፤ የግሳዊ ሐረጉ መሪ «ገባ»ም ከ«ጎንደር» በኋላ የመጣው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ታዲያ አሻሚነቱ ከየት መጣ? የመጀመሪያው ዛፍ ሁለት «የ» ይፈልግ ነበር፤ አንዱ ለመተማ፣ አንዱ ለ«የመተማ ሰሊጥ» በሙሉ። አማርኛ ግን «የየመተማ» አይልም፤ አንዱን ያስቀረዋል። በዚህም ሁለቱ ዛፎች ለጆሮ አንድ ይሆናሉ። እኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። «ሀብታም»ን መሃል አስገቡ፦ «የመተማ ሀብታም ሰሊጥ ነጋዴ»። ሰሊጥ ሀብታም አይባልም፤ ቅርንጫፎችም አይቋረጡም። ስለዚህ «የመተማ» ወደ ነጋዴው ብቻ ይሄዳል።

ዛፉ የሚቻሉትን ትርጉሞች ያሳያል እንጂ ተናጋሪው የትኛውን እንዳሰበ አይነግረንም። ስለዚህ ውል ስትጽፉ «ከመተማ የመጣ የሰሊጥ ነጋዴ» ወይም «የመተማን ሰሊጥ የሚሸጥ ነጋዴ» ብላችሁ ለዩት።