ወልቂጤ የት ተደበቀች?

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አንድ ትልቅ የቃላት ፍለጋ ሰንጠረዥ ይዞ ነበር። 20 በ20፣ በጠቅላላው 400 ፊደል ነው። ግማሽ ሰዓት ከታገለ በኋላ እርሳሱን ወረወረና «እማማ፣ ወልቂጤ የለችም። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነኝ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ለካ የፈለገው ከግራ ወደ ቀኝና ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው። ቃሏ ያለችበት የላይኛው የግራ ጥግ ይኸውላችሁ፦

ጤ ሰ ለ ም በ
ሞ ቂ ን ቄ ጉ
ቸ ት ል ራ ጤ
ደ ገ ጌ ወ ስ
ን ራ ጅ ታ ቡ

እኔ ፍለጋ የምጀምረው ከቃሉ መነሻ ሳይሆን እምብዛም ከማይገኘው ፊደል ነው። «ወ» እና «ል» በሰንጠረዡ ሞልተዋል። «ጤ» ግን ሁለት ብቻ ናት፤ ሁለቱም እዚሁ ጥግ አሉ። ጣቴን «ጤ» ላይ አድርጌ በዙሪያዋ ካሉት ስምንት ፊደላት መካከል «ቂ»ን እፈልጋለሁ። ጠርዝ ላይ ከሆነች የምናያቸው አምስት፣ ጥግ ላይ ከሆነች ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው።

ልጁ የቀኟን «ጤ» ይዞ «አገኘሁ!» አለ። አጠገቧ ያለው ግን «ቄ» ነው። ዓይን የፊደሉን ዋና ቅርጽ ይይዝና ትንሿን ምልክት ይዘላል። በነርስነት ዘመኔ ተመሳሳይ የመድኃኒት ስሞችን ፊደል በፊደል የማነበው ለዚህ ነበር። ወደ ጥጓ «ጤ» ሄድን። ከእሷ በሰያፍ ወደ ታች «ቂ»፣ «ል»፣ «ወ» በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ወልቂጤ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ ተጽፋ ኖሯል! ሦስተኛው ፊደል ከመስመሩ ከወጣ ግን ተዉት፤ ቃል አይታጠፍም።

ወደ ኋላ የተጻፈውን ለመያዝ ቃሉን ገልብጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ቡታጅራ «ራጅታቡ» ይሆናል፤ የመጨረሻውን ረድፍ እዩት።

ብርቅ ፊደል የሌለው ቃል ሲገጥም ማስመሪያ በሰያፍ አስደግፋችሁ በጠርዙ ላይ ያሉትን ፊደላት አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አንብቡ፤ ከዚያ አንድ ፊደል አሻግሩት። በ20 በ20 ሰንጠረዥ በአንድ አቅጣጫ 39 ሰያፍ መስመሮች አሉ። ለአራት ፊደል ቃል በሁለቱ ጥጎች ያሉት ስድስት አጫጭር መስመሮች አያስፈልጉም፤ 33 ይቀራሉ። ከዚያ ማስመሪያውን ወደ ሌላው ሰያፍ ማዞር ነው።

በመጨረሻም የቃላቱን ዝርዝር አጻጻፍ ልብ በሉ። አንዳንዱ «ቡታጂራ» ብሎ ይጽፋል፤ ያኔ «ጅ»ን ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ልጁ እርሳሱን አነሳና «ጉራጌን እኔ ላግኛት» አለ። እናንተም ሞክሩ፤ ከ«ጌ» ጀምሩ።