በ16 ፒክስል ውስጥ የሚታወቅ ጀበና

ቡና ቆልታ፣ ፈጭታና አሽጋ በቴሌግራም ቻናል የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ለድርጅቷ አርማ ያስፈልጋታል። በጽሑፍ የታዘዘውን በምስል የሚያወጣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ትከፍትና «ዘመናዊና ቀላል የቡና ሎጎ፣ ቬክተር» ብላ ትጽፋለች። የሚመጣላት ሥዕል የስልኳን ስክሪን ሞልቶ ሲታይ ያምራል፤ ጀበናው ያብረቀርቃል፣ እንፋሎቱ ይጠማዘዛል፣ ከሥሩ ፍሬ የያዘ የቡና ቅርንጫፍ ተጋድሟል። የቻናሏ ምስል አድርጋ ስታስገባው ግን ዙሪያው በክብ ይቆረጣል፣ መጠኑም የጣት ጥፍር ያህል ይሆናል። ያን ጊዜ የሚታየው ምን እንደሆነ የማይለይ ቡናማ ነገር ብቻ ነው።

እንዲህ የሚሆነው ትእዛዙ ስለ መጠን አንዳች ነገር ስላልተናገረ ነው። «ቀላል» እና «ዘመናዊ» የሚሉት ቃላት ለመሣሪያው የሚነግሩት ስለ ስሜት ነው። አርማ በትንሽ ቦታ እንዲነበብ የሚያደርጉት ግን የመስመር ውፍረት፣ የክፍተት ስፋትና የቅርጽ ብዛት ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ ፕሮምፕቱን ከመጻፍ በፊት ራሳችን መወሰን አለብን።

ሒሳቡ አጭር ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ካሬ ምስል ሲሠሩ 1024 በ1024 ፒክስል አካባቢ ያወጣሉ። በብራውዘር ትር ላይ ከድረ ገጹ ስም አጠገብ የምትታየው አርማ ደግሞ በተለምዶ 16 በ16 ፒክስል ናት። 1024 ለ16 ሲካፈል 64 ይሆናል፤ ስለዚህ በትልቁ ሥዕል ላይ ከ64 ፒክስል የቀጠነ ማንኛውም መስመር በትንሹ ላይ አንድ ፒክስል እንኳ አይሞላም። 20 ፒክስል ውፍረት ያለው የእንፋሎት መስመር የአንድ ፒክስል ሲሶ ያህል ይደርሰዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሲሶ ፒክስል መቀባት ስለማይችል የመስመሩን ቀለም ከጀርባው ጋር ቀላቅሎ የደበዘዘ ነጥብ ያደርገዋል። ያ ጭጋግ የሚመጣው ከዚህ ነው። አዳዲስ ስክሪኖች ያንኑ ቦታ በ32 ፒክስል ስለሚሞሉት ትንሽ ያሻሽሉታል፤ ሆኖም ለ16 የተበጀ ሥራ በ32 ይበልጥ ይጠራል እንጂ አይበላሽም።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ሱዛን ኬር እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የአፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተር አይከኖቹን የነደፈችው በ32 በ32 ካሬዎች መረብ ላይ፣ በጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ካሬ ጥቁር ወይም ነጭ ብላ መወሰን ስለነበረባት የማያስፈልግ ነገር መግቢያ አልነበረውም። እኛም ወደ መሣሪያው ከመሄዳችን በፊት የሒሳብ ደብተር ወረቀት ላይ 16 በ16 ካሬ አስምረን ጀበናችንን እናስቀምጥበት።

ከየዳሩ አንድ አንድ ካሬ ባዶ እንተው፤ የሚቀረን 14 በ14 ነው። ወደ ጎን ስንሄድ ሆዱ 8 ካሬ፣ ቡናው የሚቀዳበት አፍ ከሆዱ ወደ ግራ ወጥቶ 2 ካሬ፣ በቀኝ በኩል በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለው ክፍተት 2፣ እጀታው ራሱ 2። ይህ ሲደመር 14 ሞላ። ወደ ላይ ሆዱ 8፣ አንገቱና ከንፈሩ 6 ይወስዳሉ። አሁን ለእንፋሎት፣ ለስኒ፣ ለረከቦት፣ ለቅርንጫፍ ምንም ቦታ እንዳልተረፈ በዓይናችን አየን። እጀታውን ወይም አፉን መተው ግን አይቻልም። ሁለቱ ከጠፉ ክብ ሆድና ቀጥ ያለ አንገት ብቻ ይቀሩና ጀበናው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ብልቃጥ ይመስላል።

እንግዲህ ፕሮምፕቱን መጻፍ እንችላለን። አንዳንድ መሣሪያዎች አማርኛ ይቀበላሉ፤ አብዛኞቹ የሠለጠኑት ግን በብዛት የእንግሊዝኛ መግለጫ ባላቸው ምስሎች ስለሆነ የቅርጽ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ሲሰጣቸው በተሻለ ይከተላሉ። ለዚህች ነጋዴ የምጽፈው ይህን ነው፦

```
Flat icon of an Ethiopian jebena coffee pot, side view.
Round ball-shaped body, narrow upright neck,
one short spout on the left,
one thick loop handle on the right,
gap inside the handle as wide as the handle itself.
One dark brown silhouette on a plain cream background.
Solid uniform fill, crisp smooth edges.
Single object, centered, wide empty margin.
```

መጀመሪያ የሚታየው ነገር ጀበናን በስሙ ብቻ አለመተዋችን ነው። በስሙ ብቻ ስንጠራው ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሻይ ማፍያ ወይም የዓረብ ቡና ማንቆርቆሪያ ነው፤ መሣሪያው በሠለጠነባቸው ምስሎች ውስጥ እነዚያ ከጀበና እጅግ ስለሚበዙ ወደ እነሱ ያጋድላል። ስለዚህ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ጠባብና ቀጥ ያለ፣ አፉ በግራ፣ እጀታው በቀኝ እያልን ቅርጹን ራሱን እንነግረዋለን። ይህም አልበቃ ካለ፣ በወረቀቱ ላይ የሣልነውን በወፍራም ማርከር አጥቁረን ፎቶ አንስተን ከጽሑፉ ጋር መስቀል ነው። ምስል የሚቀበሉ መሣሪያዎች ከሦስት መስመር መግለጫ ይልቅ ከአንድ ጥቁር ንድፍ የበለጠ ይረዳሉ፤ እኔ ለባህላዊ ዕቃዎች ሁሉ በዚህ መንገድ መጀመርን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው የክፍተቱ መስመር ነው። «እጀታውን 128 ፒክስል አድርገው» ብንለው መሣሪያው ልኬት ይዞ ስለማይሥል አይሰማንም። «በእጀታው ውስጥ ያለው ክፍተት የእጀታውን ያህል ይስፋ» ስንለው ግን አንዱን ከሌላው ጋር የሚያነጻጽር ነገር ስለሰጠነው ይቀርባል። በትንሽ መጠን ቀድሞ የሚሞተው መስመሩ ሳይሆን ክፍተቱ ነው፤ ጠባብ ክፍተት ሲደፈን እጀታና ሆድ ተጣብቀው አንድ ጉብታ ይሆናሉ።

ቀለሙን በተመለከተ ሁለት ብቻ ጠርተናል፣ የትኛው የት እንደሚሆንም ነግረናል። «ጥቂት ቀለም» ብሎ መተው ለመሣሪያው ብዙ ነጻነት ይሰጠዋል። የቀለሙን ትክክለኛ ቁጥር፣ ለምሳሌ `#4A2511` ብሎ መጻፍም ይቻላል፤ የሚመጣው ግን ተቀራራቢ ቀለም ነው፣ ትክክለኛው የሚገባው በኋላ በእጅ ነው። ጥቁር ቡናማና ክሬም መምረጣችን በብርሃን መጠን በጣም ስለሚራራቁ ነው። ቀይና አረንጓዴ ዓይን ላይ የተለያዩ ቢመስሉም ምስሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግረው ሰው ደግሞ ሳይቀየርም ሊመሳሰሉበት ይችላሉ።

በፕሮምፕቱ ውስጥ ያላስገባኋቸውም ቃላት አሉ። «ሎጎ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌላቸው ፊደላትን፣ አልፎ አልፎም በቢዝነስ ካርድ ወይም በግድግዳ ላይ የታተመ አርማ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ በኢንተርኔት ላይ ሎጎዎች የሚታዩት እንዲያ ሆነው ነውና። ጥላና አንጸባራቂነትን ለመከልከልም «ጥላ አይኑረው» ብሎ በዐረፍተ ነገር መጻፍ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ጥላውን ራሱን ይጠራል፤ ቃሉ ይታያል፣ «አይኑረው» የሚለው ግን ይረሳል። ስለዚህ የምንፈልገውን በቀጥታ እንላለን፤ ወጥ ሙሌት፣ ባዶ ጀርባ፣ አንድ ነገር። የማንፈልገውን ለብቻው የሚቀበል ቦታ ካለ እዚያ እናስገባዋለን። ሚድጆርኒ ላይ በፕሮምፕቱ መጨረሻ የሚጨመረው ይህ ነው፦

```
--no text, shadow, gradient, texture, mockup, steam
```

የድርጅቱን ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጽፍ ግን አታዘው። ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስሉ ፊደል ያልሆኑ ምልክቶችን ያወጣልሃል። ስሙ የሚጻፈው በኋላ፣ በእውነተኛ ፎንት ነው፤ ያውም ለትልቁ መጠን ብቻ።

ምስሎቹ ሲመጡ በትልቁ ላይ ማማረጥ አይገባም። አራቱንም መጀመሪያ ወደ 16 ፒክስል አሳንሶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሥራውን ላላየ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ማሳየት ነው። «ጀበና» ካለ አለፈ። «ብልቃጥ» ካለ አፉ አጥሯል ወይም እጀታው ቀጥኗል። «ቦርሳ» ወይም «ቁልፍ» ካለ ክፍተቱ ተደፍኗል ወይም አንገቱ ከሆዱ ጋር ተዋህዷል። የተሳሳተው መልስ ቀጥሎ በፕሮምፕቱ ውስጥ የትኛውን መስመር እንደምናርም ይነግረናል። በአንድ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ እንለውጥ፤ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነም የዘር ቁጥሩን ወይም ሲድ የሚባለውን አንድ ላይ አቁሞ መሞከር ይበጃል፤ አለዚያ ለውጡ ከቃላችን ይምጣ ከዕድል አናውቅም። በክብ ሲቆረጥ ምን እንደሚቀር ማየትም አይረሳ፤ ካሬውን ጥግ እስከ ጥግ የሞላ ጀበና ቴሌግራም ላይ ከንፈሩንና የሆዱን ጠርዝ ያጣል።

የተመረጠው ምስል ገና ቬክተር አይደለም። «ቬክተር» ብለን ብናዝም አብዛኛው መሣሪያ የሚሰጠን የቬክተር መልክ ያለው የፒክስል ምስል ነው። አጉልተን ብናየው በቡናማውና በክሬሙ ድንበር ላይ በርካታ መካከለኛ ቀለሞች አሉ፤ ወጥ የመሰለው ጀርባም ብዙ ጊዜ ከቦታ ቦታ በጥቂቱ ይለያያል። እንደ ሬክራፍት ያሉ ጥቂት መሣሪያዎች የSVG ፋይል በቀጥታ ያወጣሉ። ሌላውን ግን ማስመር ያስፈልጋል። ነጻ በሆነው ኢንክስኬፕ ፕሮግራም ምስሉን መርጦ `Path` ከሚለው ውስጥ `Trace Bitmap` መክፈትና አንድ ቅርጽ ብቻ ስለምንፈልግ በብርሃን መጠን ለይቶ አንድ ጊዜ እንዲያሰምር ማዘዝ ነው። ከዚያ `Simplify` የቅርጹን ነጥቦች ይቀንሳል። እዚህ ላይ ነጥቦቹን መመልከት ጠቃሚ ነው። ንጹሕ ጀበና ከጥቂት ዐሥርታት በማይበልጡ ነጥቦች ይሣላል፤ መቶዎች ከሆኑ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሆዱን በእውነተኛ ክብ፣ አንገቱን በአራት ማዕዘን ተክቶ እንደገና መገንባት ከማስተካከል ይፈጥናል።

አርማ በገንዘብ አሠርተው SVG ለሚቀበሉ ሰዎችም የምነግራቸው መፈተሻ አለ። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ክፈቱት። በውስጡ `<path` ወይም `<circle` ካገኛችሁ ቅርጹ በእርግጥ ተሥሏል። `<image` እና ከሱ ቀጥሎ ማብቂያ የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ካገኛችሁ ግን የፒክስል ምስል በSVG ሽፋን ተጠቅልሎ ተሰጥቷችኋል፤ ለታፔላ ሲሰፋ ይደበዝዛል።

በመጨረሻ ለትንሹ መጠን የራሱ ፋይል ይዘጋጃል። ኢንክስኬፕ ላይ 16 በ16 የሆነ ገጽ ከፍቶ መረቡን አብርቶ የሆዱን ግራና ቀኝ፣ የአንገቱን ሁለት ጎኖችና የእጀታውን ጠርዞች በካሬዎቹ መስመር ላይ ማሳረፍ ነው። የጠርዝ መስመር በካሬ መካከል ካረፈ ያ ካሬ ግማሽ ቡናማ ሆኖ ይደበዝዛል፤ ድንበሩ ላይ ካረፈ ጥርት ይላል። ለመደብር ታፔላውና ለማሸጊያው የሚሆነው ትልቁ ግን ከዚህ ነጻ ነው። እዚያ ላይ አንገቱ ትንሽ ሊቀጥን፣ ከንፈሩ ሊወጣ፣ ከሥሩም ማቶቱ ሊጨመርለት ይችላል።