ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ የሚጮኸው ስልክ

ጥርስ የሚብሰው ማታ ነው። ቀን በሥራ ተጠምዶ ሕመሙን ችላ ሲለው የዋለ ሰው እራት ቀምሶ ጋደም ሲል ይጀምረዋል። ስልኩን አንስቶ «ጥርስ ሐኪም ቦሌ» ብሎ ጉግል ላይ ይጽፋል። ከላይ የመጣለትን ማስታወቂያ ይነካል፤ ክሊኒኩ ለዚያች አንድ ንክኪ ይከፍላል። ሰውየው ገጹ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር ሲነካ ስልኩ ባዶ ክፍል ውስጥ ይጮኻል። ጥበቃው ይሰማው ይሆናል እንጂ የሚያነሳው የለም።

የክሊኒኩ ባለቤት በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱን ስትከፍት ግን ይህ ጥሪ እንደ ስኬት ተመዝግቦ ታገኘዋለች። ማስታወቂያን በሰዓትና በቀን ስለመመጠን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «ውጤት ያመጣውን ሰዓት ጨምር፣ ያላመጣውን ዝጋ» ይላሉ። ምክሩ ባልከፋ። ችግሩ ሰዓት ቆጥሮ ለሚከፍት ቤት «ውጤት» የተባለው ነገር ራሱ ብዙ ጊዜ ውሸት መሆኑ ነው።

አንድ ክሊኒክ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን፣ እሑድ ዝግ። ማስታወቂያው ግን ማንም ስላልነካው ሌት ተቀን ይታያል፤ ጉግል አድስ ካልተነገረው በቀር ሰዓት አይመርጥም። በስምንት ሳምንት 300 ዶላር ወጥቶ 60 ኮንቨርዥን ተመዘገበ። ኮንቨርዥን ማለት ማስታወቂያውን የነካው ሰው እኛ የምንፈልገውን ነገር ሲያደርግ የሚመዘገበው ምልክት ነው፤ እዚህ ላይ ወይ ስልክ ቁጥሩን መንካት፣ ወይ የቀጠሮ ቅጽ መሙላት።

መጀመሪያ የሚመጣው ፈተና ሪፖርቱን ሰዓት በሰዓት መተርጎም ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። 60 ኮንቨርዥን በ168 ሳጥን ሲበተን አብዛኛው ሳጥን ባዶ ይሆናል፤ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሦስት ከተገኘ ባለቤቷ «ሐሙስ ቀናችን ነው» ትላለች። ሐሙስ ምንም የተለየ ነገር የለውም፣ አጋጣሚ ነው። ስለዚህ ሰዓቶቹን በሦስት ክምር እናድርጋቸው፦ ክሊኒኩ ክፍት የሆነበት፣ ከተዘጋ በኋላ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ያለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሌሊትና መላው እሑድ።

በክፍት ሰዓት 150 ዶላር ወጥቶ 30 ኮንቨርዥን መጣ፤ አንዱ 5 ዶላር ነው። በምሽት 100 ዶላር 24 አመጣ፤ አንዱ ከ4 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። በሌሊትና በእሑድ 50 ዶላር 6 አመጣ፤ አንዱ ከ8 ዶላር በላይ። ሰንጠረዡን ላየ ሰው ምሽቱ አሸናፊ ነው።

አሁን ከኮምፒውተሩ ተነሥተን እንግዳ መቀበያው ጋ እንሂድ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ሁለት ነገር አላት፦ ያመለጡ ጥሪዎችን የያዘው ስልኳና በእጇ የምትሞላው የታካሚዎች ደብተር። አዲስ የመጣን ሰው ሁሉ «በምን አገኙን?» ብላ ትጽፋለች። ሁለቱ ሲመሳከሩ ከምሽቱ 24 ውስጥ 18ቱ ቁጥሩን ከመንካት ያላለፉ ናቸው፤ ጠዋት መልሳ ስትደውልላቸው አብዛኞቹ ሌላ ቦታ ሄደዋል፣ ወይም የማያውቁትን ቁጥር አያነሱም። ከምሽቱ ጎራ በእግሩ የመጣው 5 ሰው ብቻ ነው፤ ከእነሱ አራቱ ቅጽ የሞሉ ናቸው። ከክፍት ሰዓቱ 18 ሰው መጥቷል፣ ከሌሊቱና ከእሑዱ አንድ። ስለዚህ አንድ ታካሚ በቀን 8 ዶላር ገደማ ሲያስወጣ በምሽት 20፣ በሌሊት ደግሞ 50 ዶላር ያስወጣል። ደብተሩ ፍጹም አይደለም፤ ሰው በምን እንደመጣ ይረሳል። ቢሆንም ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ መረሳቱ ፍርዱን አይለውጠውም።

ታዲያ ምሽቱን እንዝጋው? እኔ አልዘጋውም። ሌሊቱን እዘጋለሁ፣ እሑድን እዘጋለሁ። ምሽት ግን ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የጎደለው ስልኩን የሚያነሳ ሰው ነው። በጉግል አድስ ማስታወቂያው ላይ የሚለጠፈው የመደወያ ቁልፍ የራሱ የሰዓት ሰሌዳ ሊወጣለት ይችላል። ቁልፉ በ11፡30 ይነሣ፤ ከዚያ በኋላ የሚነካ ሰው ቁጥሩ ከፊቱ ወደማይቀመጥበት፣ «ስምዎንና ስልክዎን ይተዉልን፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ እንደውላለን» ወደሚል ቅጽ ይግባ። የሚደውለው ሰው ቃሉን ካልጠበቀ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። በዚሁ 100 ዶላር በምሽት ዘጠኝ ሰው ቢመጣ የአንዱ ወጪ ወደ 11 ዶላር ይወርዳል።

ስልክ ቁጥር መንካትን ከዋና ኮንቨርዥንነት ማውረድም ያስፈልጋል፤ መቆጠሩ ይቀጥል፣ ነገር ግን ለጨረታው መመሪያ አይሁን። ብዙ ሰው ዛሬ ዋጋውን ለጉግል አውቶማቲክ ጨረታ ትቶታል። ይህ አሠራር ሰዓቱን ራሱ እያየ ዋጋ ይጨምራል ይቀንሳል፤ እናንተ «በምሽት 30 በመቶ ቀንስ» ብትሉት አይሰማም። የሚሰማው በየትኛው ሰዓት እንዳይታይ የሚለውን ብቻ ነው። ባዶ ጥሪዎችን እንደ ድል እያስቆጠራችሁ ከተዋችሁት ደግሞ ከእነሱ ተምሮ ገንዘባችሁን ወደ ምሽት ያዘንበዋል።

ሪፖርቱን ስታነቡ ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ቅዳሜ ማታ ማስታወቂያውን ነክቶ ሰኞ ጠዋት ቅጹን የሞላ ሰው የሚመዘገበው በነካበት በቅዳሜ ማታ ሥር ነው። ማስታወቂያን ለመመጠን ይህ ትክክል ነው፤ የከፈላችሁት በዚያ ሰዓት ነውና። እንግዳ መቀበያው ላይ መቼ ተጨማሪ ሰው እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ግን «Conversions (by conv. time)» የሚለውን ዓምድ ማየት አለባችሁ። ባለፈው ሳምንት ላይም ቶሎ አትፍረዱ፤ የነኩት ሁሉ ገና አልተመለሱም።

ሰሌዳውን ስትሞሉ የሰዓት አቆጣጠራችን ወጥመድ ነው። «Ad schedule» ላይ 2፡30 እና 11፡30ን እንዳሉ ጽፎ AM የመረጠ ሰው ማስታወቂያውን ከሌሊቱ 8፡30 እስከ ረፋዱ 5፡30 ከፍቶታል፤ ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ክፍት ሆኖ ማስታወቂያው የለም። ትክክለኛው 8:30 AM እስከ 5:30 PM ነው። ቀኑም እዚያ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ እኩለ ሌሊትን የሚያልፍ ሰዓት በሁለት ቀን ተከፍሎ ይጻፋል። የአካውንቱ የሰዓት ክልል ሌላ አገር ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሰሌዳው በሙሉ ይንሸራተታል፤ አካውንታቸውን ውጭ ያለ ዘመድ የከፈተላቸው ሰዎች ይህን ቀድመው ይዩ።

ሰሌዳውን ካወጣችሁ ከሁለት ቀን በኋላ የሰዓት ሪፖርቱን ክፈቱ። 2፣ 3 እና 4 AM ላይ ክሊክ ካያችሁ ስድስት ሰዓት ስታችኋል።