የኩሽና በር ዋጋ

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለሆቴል አትክልት ላቅርብ ብሎ ሲነሳ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው አንድ ገጽ ፕሮፎርማ ነው። ቲማቲም ኪሎው ይህን ያህል፣ ሽንኩርት ይህን ያህል፣ ከታች ማኅተምና ፊርማ። የሆቴሉ ግዥ ክፍል ወረቀቱን ከአትክልት ነጋዴው ዋጋ ጎን አስቀምጦ ተወደደ ወይም ረከሰ ይላል። ሁለቱም ግን ዋጋው የየት ዋጋ እንደሆነ አልተነጋገሩም። ማሳ ላይ ነው? መኪና ላይ ተጭኖ ነው? ወይስ ኩሽናው በር ላይ ተመዝኖ?

መቂ አካባቢ በመስኖ የሚያመርት ማኅበርና ቢሾፍቱ ያለ መካከለኛ ሆቴል እንውሰድ። በመካከላቸው በሞጆ በኩል 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ሆቴሉ በሳምንት 1,200 ኪሎ አትክልት ይፈልጋል እንበል፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያና ቆስጣ። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ የዛሬ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዙብኝ።

ማኅበሩ ከአባላቱ 200 ኪሎ ቲማቲም በ35 ብር ሲረከብ 7,000 ብር ያወጣል። ለቀማው ሲበጠር 160 ኪሎው አንደኛ ደረጃ ይወጣዋል፤ 30 ኪሎው ትንሽ ወይም የተጫጫረ ስለሆነ ለድልህና ለሾርባ በ20 ብር ይሸጣል፤ 10 ኪሎው ይጣላል። ከሁለተኛው ደረጃ የተገኘው 600 ብር ሲቀነስ፣ አንዱ ኪሎ ጥሩ ቲማቲም ገና ከመቂ ሳይወጣ 40 ብር ደርሷል። ብዙ ፕሮፎርማ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ከ35 ብር ተነስቶ ይደምራል።

ቀጥሎ መኪናው አለ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጉዞው 600 ኪሎ ይጫናል፤ የደርሶ መልስ ኪራዩ 6,000 ብር ቢሆን በኪሎ 10 ብር ያርፋል። ለበጠራና ለጫኝ 2 ብር፣ ለሳጥን 1 ብር፣ ለመጠባበቂያ 2 ብር፣ ለማኅበሩ ድርሻ 3 ብር ሲጨመር የኩሽና በር ዋጋው 58 ብር ይሆናል። ሆቴሉ አንድ ቀን «እንግዳ የለም፣ 400 ኪሎ ብቻ አምጡ» ካለ ግን የመኪናው ኪራይ አይቀንስም፤ በኪሎ 15 ብር ይሆናል። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ዝቅተኛ የጭነት መጠን መጻፍ አለበት። ከ500 ኪሎ በታች ለሚታዘዝ የማጓጓዣው ልዩነት በሆቴሉ ይታሰባል፤ ትዕዛዝ የሚቀየረውም ከለቀማው በፊት፣ ከመጫኛው ቀን ዋዜማ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ብቻ ነው። የተለቀመ ቲማቲም ወደ ተክሉ አይመለስምና።

ከሁሉ የሚያጣላው የዋጋ መዋዠቅ ነው። ቲማቲም በሳምንታት ውስጥ እጥፍ ሊወጣ፣ እንዲሁ ሊወርድ ይችላል። ሲወጣ ደላላው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ማሳው ድረስ ይመጣል፤ ሲወርድ ደግሞ የሆቴሉ ገዢ አዲስ አበባ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ ሄዶ በግማሽ ዋጋ ጭኖ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ ዋጋ የሚጽፍ ውል በሁለቱም በኩል ለመፍረስ የተጻፈ ነው። የሚሻለው መነሻ ማስቀመጥ ነው። ውሉ ሲፈረም የጅምላ ገበያው 45 ብር ከነበረ፣ 10 ብር እስኪወጣ ወይም እስኪወርድ ድረስ የሆቴሉ 58 ብር አይነካም። ከዚያ ያለፈውን ልዩነት እኩል ይካፈላሉ። ገበያው 75 ቢደርስ ጭማሪው 30 ነው፤ 10ሩ ይቀነስና ከቀሪው 20 ግማሹ ተጨምሮ ሆቴሉ 68 ይከፍላል። ገበያው ወደ 25 ቢወርድ ደግሞ በዚሁ ስሌት 53 ይከፍላል።

ይህም ቢሆን ገበሬውን ሙሉ በሙሉ አይዝም። ገበያው 75 ሲገባ ማኅበሩ ለአባሉ የሚጨምርለት 10 ብር ደላላው ከሚያቀርበው ያነሰ ነው፤ አንዳንዱ አባል በጎን ይሸጣል። ይህን የሚያውቅ ማኅበር ከአባላቱ ከሚጠብቀው ምርት ከግማሽ በላዩን ለአንድ ሆቴል ቃል አይገባም።

አሁን ወደ ርክክቡ። መኪናው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሆቴሉ የጓሮ በር ይቆማል። የሚጸናው የሆቴሉ ሚዛን ነው፤ ቆስጣና ሰላጣ በመንገድ ላይ ውኃቸው ስለሚተን መቂ ላይ የተመዘነው እዚህ ይጎድላል፤ ያ ጉድለት የአቅራቢው ነው። ሼፉ ከ20 ኪሎ ሳጥን ላይ የላይኛውን ረድፍ አይቶ አይፈርምም፤ እጁን ወደ ታች ሰዶ የተጨፈለቀ መኖሩን በጣቱ ይፈልጋል። «ሼፍ፣ ሦስት ፍሬ ነው የፈረጠው» ይላል ሾፌሩ። ሦስት ፍሬ ሳጥን ያስመልሳል? በቁጥር ያልተጻፈ ከሆነ መልሱ በዚያን ቀን ሼፉ እንደተነሳበት ስሜት ነው። ከሳጥኑ ክብደት እስከ 5 በመቶ፣ ማለትም አንድ ኪሎ፣ ጉዳት ይታለፋል ቢባል፣ ከዚያ በላይ የሆነው ተመዝኖ ከሂሳብ ይቀነሳል፤ በዚያው መኪና ይመለሳል። ውስጥ ለውስጥ የተበላሸ ከተገኘ ደግሞ እስከዚያው ቀን 10 ሰዓት ድረስ በፎቶ ይላካል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ የማኅበሩ ጥፋት ይሁን የሆቴሉ መጋዘን መለየት አይቻልም።

የብስለት ነገርም በጽሑፍ ይግባ። ማክሰኞ የሚገባው ቲማቲም እስከ ሐሙስ ማድረስ ስላለበት፣ ግማሹ የቀላ፣ ግማሹ ገና መቅላት የጀመረ ይሁን ማለት ያዋጣል። ሆቴሉም ያልቀላውን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የለበትም፤ ከ10 ዲግሪ በታች የቆየ ቲማቲም በወጉ አይበስልም፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ገበሬው ነው።

ክፍያ ላይ ሆቴሎች 30 ቀን ይላሉ። የሳምንቱ ሽያጭ 54,000 ብር ቢሆን፣ የወሩ ከ200,000 ብር በላይ ማኅበሩ ሳይከፈለው ይቆያል፤ አባሉ ግን ለማዳበሪያና ለውኃ መሳቢያ ነዳጅ ገንዘቡን በሳምንቱ ይፈልጋል። በየ15 ቀኑ ቢከፈል ያልተከፈለው ወደ 108,000 ብር ይወርዳል። ሆቴሉ 30 ቀን ካላለ የማይሆንለት ከሆነ፣ የዘገየው ገንዘብ ወጪ በኪሎው ዋጋ ላይ ተጽፎ ይታይ፤ ተደብቆ ሲጨመር ማኅበሩ ውድ ይባላል።

ሁለቱ የመጫኛ ቀናት ማክሰኞና ሐሙስ የሆኑት በምክንያት ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይበዛል፤ የሐሙሱ ጭነት ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ለሚወርደው እንግዳም ይደርሳል። ትልቁ ግን ዐቢይ ጾም ነው፤ ለ55 ቀናት የአትክልት ትዕዛዙ ይጨምራል። የቲማቲም ዘር ከመደብ ተነስቶ ለመጀመሪያው ለቀማ እስኪደርስ አራት ወር ገደማ ይፈልጋል። የካቲት ላይ ተጨማሪ ቲማቲም የሚፈልግ ሼፍ መጠኑን ጥቅምት ላይ መናገር አለበት፤ ጥር ላይ ከተናገረ ማኅበሩ ራሱ ከገበያ ገዝቶ ነው የሚያመጣለት። የፋሲካ ማግሥት ደግሞ ኩሽናው ወደ ዶሮና በግ ይዞራል፤ ተክሉ ግን ፍሬ መስጠቱን አያቆምም። ስለዚህ የዚያ ሳምንት መጠን በፕሮፖዛሉ ላይ አስቀድሞ በግማሽ ተቀንሶ ይጻፋል፤ ለቀሪው ማኅበሩ ሌላ ገዢ ከሆሳዕና በፊት ይፈልጋል።