የጋራ መዋጮ ማስታወቂያ ምን ይጻፍበት?

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች የደረጃ መግቢያ ላይ «መዋጮ ያልከፈላችሁ ነዋሪዎች በአስቸኳይ ክፈሉ፤ ኮሚቴው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ማን፣ ስንት፣ የየትኛውን ወር? ወረቀቱ አይናገርም። ያልከፈለው «እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፋል፤ የከፈለውም ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ አያውቅም።

ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ናቸው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ይህን የሚያስተዳድር የባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር ያደርጋል። አባላቱ ባለቤቶች ስለሆኑ ቤቱ ቢከራይም ማኅበሩ ዕዳውን የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። አከራይና ተከራይ መዋጮውን ማን እንደሚከፍል በውላቸው ላይ ቢጽፉት ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናሉ።

ለምሳሌ 20 ቤቶች ያሉት አንድ ብሎክ እንውሰድ። በወር ለጥበቃ 8,000፣ ለጽዳት 3,000፣ ለኮሪደር መብራትና ለውኃ ፓምፕ 1,500፣ ለጥገና መጠባበቂያ 1,500 ብር ያስፈልገዋል እንበል። ድምሩ 14,000 ነው፤ እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቤት 700 ብር ይደርሰዋል። ስድስት ቤቶች ለአራት ወር ባይከፍሉ 16,800 ብር ይጎድላል፤ ይህ ከሙሉ የአንድ ወር ወጪ ይበልጣል። የዘበኛው ደመወዝ ማደር ስለማይችል ኮሚቴው የጥገናውን ገንዘብ ይነካል። ፓምፑ በተቃጠለ ቀን ማሠሪያ አይኖርም። ውኃው ቀድሞ የሚቀርበት አራተኛ ፎቅ ያለው ነው፤ እሱ ግን መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማስታወቂያው ሒሳቡን ያሳይ፦ የወሩ ወጪ በዝርዝር፣ የተሰበሰበውና የጎደለው፣ ክፍያው የተወሰነበት የጠቅላላ ጉባኤ ቀን፣ የመክፈያ ቀነ ገደብ እና የባንክ ሒሳብ ቁጥር። የእያንዳንዱ ቤት ዕዳ ግን ለየባለቤቱ በደብዳቤ ይድረስ። ስምን በር ላይ መለጠፍ ሰውን ያስቀይማል እንጂ ገንዘብ አያመጣም። ለተቸገረ ሰው የተጠራቀመውን ከፋፍሎ እንዲከፍል ስምምነት መፈራረም ይቻላል። ደብዳቤና ንግግር ካልሠራ ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው በራሱ ስም መክሰስ ይችላል፤ ያኔ ቃለ ጉባኤው፣ ደረሰኙና ደብዳቤው ማስረጃው ይሆናሉ። ውኃ መቁረጥ ግን ልጆችንና ተከራይን ይቀጣል፤ ማኅበሩንም ራሱን ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል።

የግቢውን ደንብ በሌላ ወረቀት መለጠፍ ይሻላል። «ንጽሕና ይጠበቅ» ከማለት «ዘይትና የምግብ ትርፍራፊ ወደ ፍሳሽ ቱቦ አትድፉ» ማለት፣ «አትረብሹ» ከማለት ሰዓቱን መጥቀስ ይሠራል። በጉባኤ ያልጸደቀ ቅጣት አይጻፍ፤ የጸደቀው ደግሞ በኮሚቴው አባል በር ላይም እኩል ይፈጸም።