ካሜራ ይዞ ወደ ላሊበላ፦ ከስንቅ እስከ ቤዛ ኩሉ

የላሊበላ ገና ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቤዛ ኩሉን ነው። በቤተ ማርያም፣ ማሜ ጋራ በሚባለው የአለት ጠርዝ ላይ ካህናቱ ተደርድረው እያሸበሸቡ ያዜማሉ፤ ከታች በግቢው የቆሙት ይቀበሏቸዋል። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። የተሳላሚዎችን ጉዞ በ5 ደቂቃ ቪዲዮ ለማሳየት የሚነሳ ባለሙያም የሾት ዝርዝሩን ከዚሁ ከመጨረሻው ቢጀምር ይሻለዋል።

ስንቅ ሲዘጋጅ ያመለጠ ምስል በማግስቱ ሌላ ቤት ይገኛል። ቤዛ ኩሉ ግን ካመለጠ ዓመት ያስጠብቃል። ቀኑም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ገና ታኅሣሥ 29 ቢሆንም በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል።

ካሜራው የሚቆመው የላይኛውም የታችኛውም ረድፍ አብሮ በሚታይበት በኩል ነው። ያ ቦታ ጠዋት አይገኝም፤ ሌሊቱን በሕዝብ ይሞላል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፤ መለዋወጫው ኪስ ውስጥ፣ ሰውነት አጠገብ ይሁን። ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግን የድምፅ ነው። የከበሮው ምት ማይክሮፎኑን ካጨናነቀው ዝማሬው ይሰነጠቃል፤ ኋላ በኤዲቲንግ የሚጠገን ነገር አይደለም። ስለዚህ የድምፁን መጠን ቀድሞ ዝቅ ማድረግ፣ በማዳመጫም እየሰሙ መቅረጽ ነው።

መድረሻው እንዲህ ከተያዘ በኋላ ወደ መነሻው መመለስ ይቻላል። ቪዲዮው ከዋግ በኩል በእግር የሚመጡ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናትን ይከተላል እንበል። መጀመሪያ ቤታቸውን ከነአካባቢው የሚያሳይ ሰፊ ሾት ይወሰዳል፣ 6 ሰከንድ። ቀጥሎ ካሜራው ወደ ምጣዱ ይጠጋል፤ ገብሱ ሲቆላና እጃቸው ሲያማስል 5 ሰከንድ፣ ዱቄቱ ከረጢት ውስጥ ሲገባ 4 ሰከንድ። በመጨረሻ ፊታቸው ይታያል። የቁሌቱ ድምፅ ብቻውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ቢቀዳ፣ ኤዲተሩ ሾቶቹን የሚያያይዝበት ክር ያገኛል።

ትረካው የሚጻፈው እነዚህ ምስሎች ከታዩ በኋላ ነው። «እናት ገብስ እየቆሉ ነው» የሚል ትረካ ተመልካቹ በዓይኑ ያየውን መልሶ ይነግረዋል። ምስሉ የማይናገረውን ማለት ይበልጣል፦ «ጾመ ነቢያት የሚፈታው በገና ነው። ስለዚህ የመንገዱ ስንቅ ሁሉ የጾም ነው። በሶ ደግሞ እሳት አይፈልግም፤ ውሃ ከተገኘ ምግብ ሆነ።» ይህ ድምፅ ተሰጥቶት ተነብቦ በሰዓት ይለካል። ከሾቶቹ ከረዘመ የሚቆረጠው ቃሉ ነው፤ ምስሉን ለቃላት ሲሉ ማንዛዛት ቪዲዮውን ይገድለዋል።

መንገዱ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው በአቅጣጫ ነው። ተሳላሚዋ በአንዱ ሾት ከግራ ወደ ቀኝ፣ በሚቀጥለው ከቀኝ ወደ ግራ ከተራመዱ፣ ተመልካቹ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ይመስለዋል። መንገዱ ቢጠማዘዝም ካሜራው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይቁም። ከቀኑ የተለየ ሰዓት የሚጠይቀው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ሕንፃው 12 ሜትር ገደማ ከሚጠልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለቆመ ማለዳ ጣሪያው ሲበራ ሥሩ ጨለማ ነው፤ ታች የቆሙ ሰዎችን ለማሳየት ፀሐይ ከፍ እስክትል መጠበቅ ያስፈልጋል። ያኔ ደግሞ ነጠላው በብርሃን እንዳይነጣ የካሜራው መጠን በጨርቁ ይለካ።

ከተማዋ ሲደረስ ነዋሪዎች የእንግዶችን እግር ያጥባሉ። በአቧራ የተሸፈነ እግርና የሚያጥበው እጅ በቅርብ ሾት 10 ሰከንድ ቢሰጣቸው አይበዛም፤ የመንገዱን ርዝመት ከማንኛውም ቁጥር በላይ የሚናገር ምስል ነው። እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ትረካ ይበቃል። ቤዛ ኩሉ ሲጀመር ተራኪው ዝም ይላል፤ ዝማሬው ቢያንስ ለ40 ሰከንድ ያለ ምንም ቃል ይሰማ።

ለመጪው ገና ካሜራ ይዘው የሚጓዙ ሁሉ ፈቃዱን ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር አስቀድመው ይጠይቁ። የሚከተሏቸውን ተሳላሚም ቀረጻው የት እንደሚታይ ነግረው ያስፈቅዱ፤ በጸሎት ላይ ያለ ሰው «አይሆንም» ካለ ሾቱ ከዝርዝሩ ይሰረዝ።