ሽያጩ ሦስት እጥፍ፣ ካዝናው ግን ጎዶሎ

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ ማለዳ ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ ቁጥር አለ። ስክሪኑ ላይ ROAS ተብሎ ይነበባል፤ ነጋዴዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ሮአስ ይሉታል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ማስታወቂያው አመጣው የተባለው ሽያጭ ለማስታወቂያው በወጣው ገንዘብ ይካፈላል። 1,000 ዶላር ወጥቶ የ3,000 ዶላር ዕቃ ከተሸጠ ሮአሱ 3 ነው። አንድ ሰጥቶ ሦስት መቀበል ስለሚመስል ብዙ ሰው በጀቱን እጥፍ የሚያደርገው ይህን ቁጥር አይቶ ነው። ወሩ ሲያልቅ ግን ባንክ ያለው ገንዘብ ቀንሶ ይገኛል፣ የት እንደገባም አይታወቅም።

የገባበትን ለማየት፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና የሐበሻ ቀሚስ በኦንላይን የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የወጪዎቹ ዓይነት ግን በዚህ ንግድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቀሚሱ የሚሸጠው 120 ዶላር ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ለሸማኔውና ለሰፊው 50 ዶላር ይከፈላል። በካርጎ መጥቶ፣ ቀረጡ ተከፍሎ እጇ እስኪገባ 14 ዶላር ይጨመራል። ለገዢዋ «ማድረሻው በነፃ» ተብሎ ስለተነገራት የፖስታውን 10 ዶላር የምትችለው ነጋዴዋ ናት። መጠቅለያው 2 ዶላር ነው። የካርድ ክፍያ የሚያስተናግደው ድርጅት ከዋጋው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይወስዳል፤ ይህ ወደ 4 ዶላር ይጠጋል። ድምሩ 80 ዶላር ሆነ። ከአንድ ቀሚስ የሚተርፋት 40 ዶላር ብቻ ነው፤ ማስታወቂያውም የሚከፈለው ከዚህችው 40 ዶላር ነው።

በ1,000 ዶላር ማስታወቂያ 25 ቀሚስ ተሸጠ እንበል። ሽያጩ 3,000 ዶላር፣ ሮአሱ 3 ነው። ሃያ አምስት ጊዜ 40 ዶላር 1,000 ዶላር ይሆናል፤ እሱም ሙሉ በሙሉ ለማስታወቂያው ሄደ። ያን ሁሉ ቀሚስ አስመጥታ፣ ለክታ፣ ጠቅልላ ልካ የቀራት ዜሮ ነው። ለእሷ ሮአስ 3 ማለት ማትረፍና መክሰር የሚለያዩበት ወሰን ነው። ማንም ሰው የራሱን ወሰን ማግኘት ይችላል፦ የመሸጫ ዋጋውን፣ ከማስታወቂያ በፊት ለሚተርፈው ገንዘብ ማካፈል ነው። 120 ለ40 ሲካፈል 3 ይመጣል። ከ120ው 80 የሚተርፈው ሰው ወሰኑ 1.5 ነው፤ 20 ብቻ የሚተርፈው ደግሞ ሮአሱ 5 ሆኖ እንኳ ገና ይከስራል። ስለዚህ ሁለት ነጋዴዎች ተገናኝተው «ያንተ ስንት ነው?» ሲባባሉ የሚያወዳድሩት የማይወዳደር ነገር ነው።

እስካሁን የተመለሰ ቀሚስ አልቆጠርንም። በልብስ ንግድ ልክ ያልሆነ ዕቃ መመለሱ አይቀርም። ከ25ቱ 3 ተመለሱ እንበል። ቀሚሱ ሳይበላሽ ከመጣ እንደገና ይሸጣል፤ የመላኪያው 10፣ መጠቅለያው 2፣ ብዙውን ጊዜ የማይመለሰው የካርድ ክፍያ 4፣ የመመለሻው ፖስታ ሌላ 10 ዶላር ግን ቀልጠው ቀሩ። ለአንድ ቀሚስ 26፣ ለሦስቱ 78 ዶላር ነው። ከቀሩት 22 ቀሚሶች 880 ዶላር ይገኛል፤ 78ቱ ሲቀነስ 802። ማስታወቂያው 1,000 ስለነበር ኪሳራው 198 ዶላር ሆነ። ስክሪኑ ላይ ያለው 3 ግን ንቅንቅ አላለም። ግዢው ሲፈጸም ድረ ገጹ ለማስታወቂያው ድርጅት ዋጋውን ይልካል፤ ቀሚሱ ሲመለስ ግን በተለመደው አሠራር ያንን የሚነግረው የለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቅናሽ ሲመጣ የሚሆነው ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ነጋዴዋ 20 በመቶ ቅናሽ ብላ ቀሚሱን በ96 ዶላር አወጣችው። ማስታወቂያው ያው 1,000 ዶላር ነው። ቅናሽ ሰው ይስባልና 40 ቀሚስ ተሸጠ። ሽያጩ 3,840 ዶላር ሆነ፤ ሮአሱም ከ3 ወደ 3.84 ወጣ። ስክሪኑን ብቻ የሚያይ ሰው «ይሄ ነው መንገዱ!» ይላል። አሁን ወጪውን እንይ። የካርዱ ክፍያ በአንድ ዶላር ገደማ ስለቀነሰ የአንዱ ቀሚስ ወጪ 79 ዶላር ነው፤ የሚተርፈው 17። አርባ ጊዜ 17 ስድስት መቶ ሰማንያ ዶላር ነው። ከማስታወቂያው በኋላ 320 ዶላር ጎደለ፣ ያውም አንድ ቀሚስ ሳይመለስ። የዋጋው 20 በመቶ ሲቀነስ የትርፉ ከግማሽ በላይ ሄዷል፤ ሸማኔውም ፖስታ ቤቱም የራሳቸውን ድርሻ አልቀነሱምና። ወሰኑም ከ3 ወደ 5.6 ዘሏል። ሮአሱ ወደ ላይ ወጣ፤ ወሰኑ ግን ከእሱ በላይ ሮጠ።

ማስታወቂያውን ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው ሥርዓት ደግሞ የሚያየው የተላከለትን ቁጥር ብቻ ነው። የሽያጭ ዋጋ ከላኩለት ብዙ ሽያጭ የሚያመጣውን ይፈልጋል፤ ትርፍ የሌለውን ውድ ዕቃ ትርፍ ካለው ርካሽ ነጠላ አስበልጦ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ሻጮች በሽያጭ ዋጋው ፋንታ ከዕቃው የሚተርፈውን ገንዘብ ይልካሉ። በእኛ ምሳሌ ለቀሚሱ ከ120 ይልቅ 40 ይላካል ማለት ነው። ያኔ ስክሪኑ ላይ 1 ሲነበብ ወሰኑ ላይ ነን፤ ከ1 በታች ከሆነ ኪሳራ ነው። ቁጥሩ ለዓይን አያምርም፤ ነጋዴዋ ግን ማለዳ ላይ አንድ ጊዜ አይታ የቆመችበትን ታውቃለች።

ሽያጩ ራሱ የማስታወቂያው ነው ወይ የሚለውም መጣራት አለበት። በፌስቡክ የተለመደው አቆጣጠር፣ ማስታወቂያውን ነክቶ በ7 ቀን ውስጥ ወይም አይቶ ብቻ በ1 ቀን ውስጥ የገዛን ሰው ለማስታወቂያው ይመዘግባል። ለፋሲካ ቀሚስ ልትገዛ አስቀድማ የወሰነች የድሮ ደንበኛ ማስታወቂያው ዓይኗ ላይ ካለፈ ትቆጠራለች። ኢቤይ ከዓመታት በፊት የራሱ ስም ሲፈለግ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች አቋርጦ ሞክሮ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም እንዳሳየው፣ በማስታወቂያው በኩል ይገቡ የነበሩት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በነፃው የፍለጋ ውጤት መጥተዋል። ትንሽ ሻጭም በአንድ ግዛት ማስታወቂያውን ለጥቂት ሳምንት አቁማ፣ ሽያጩ ካልቆመበት ግዛት አንጻር ምን ያህል እንደወረደ ማየት ትችላለች።

ወሰኑ አንድ ጊዜ ተሰልቶ የሚቀመጥም አይደለም። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች የሆኑ ጥቅሎችን ያለቀረጥ የምታስገባበትን አሠራር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች አቁማለች። ከአዲስ አበባ በትናንሽ ጥቅል ታስመጣ ለነበረች ሻጭ በአንድ ቀሚስ ላይ 8 ዶላር ቢጨመር፣ 40 የነበረው 32 ይሆናል፤ ወሰኑም 3.75 ይደርሳል። በዚያ ቀን ሮአሷ ላይ የታየ ለውጥ አይኖርም።

ከወሰኑ በታች መሸጥ የሚያዋጣበት አንድ ሁኔታ አለ። የመጀመሪያዋ ገዢ ያለማስታወቂያ ተመልሳ ከገዛች፣ መጀመሪያ የተከሰረው በሁለተኛው ግዢ ሊካስ ይችላል። ቡና ወይም በርበሬ የሚሸጥ ሰው ይህን ተስፋ ማድረጉ ምክንያት አለው፤ በየወሩ ያልቃልና። የሐበሻ ቀሚስ ግን ለሠርግ ወይም ለበዓል ተገዝቶ ለዓመታት ይቀመጣል። ነጋዴዋ በዚህ ተስፋ ልትከስር ከፈለገች፣ አምና በማስታወቂያ ከመጡት ገዢዎች ስንቶቹ ዘንድሮ ማስታወቂያ ሳይጎትታቸው እንደተመለሱ ከትዕዛዝ መዝገቧ አስቀድማ ትቁጠር።